ካሳቫን ለመቀቀል፦ ከእሳቱ በፊት የሚሠራው ሥራ

ጥያቄ፦ «የሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነዋሪ ነኝ። ከወላይታ የመጡ ዘመዶቻችን አንድ ከረጢት ካሳቫ አመጡልን። በአራተኛው ቀን የላይኛውን ቡናማ ቅርፊት እንደ ድንች ፍቄ፣ ሳልቆርጥ ሁለት ሰዓት ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ውሃው ነጭ ሲሆን መርዙ ወጣ ብዬ በትንሽ ውሃ ከድኜ ቀቀልኩት። አንዳንዱ ለስልሶ ጣፈጠ፤ አንዱ ግን መረረ፤ ሌላው ደግሞ እንደ እንጨት ሆኖ አልበስልም አለ። ጎረቤቴ ጨውና ሎሚ ቢጨመርበት ምሬቱ ይጠፋል ትላለች። የስድስት ዓመት ልጄ በጣም ወዶታል። ስንት ሰዓት ብቀቅለው ነው ያለ ስጋት የምሰጠው?»

ምላሽ፦

ካሳቫን ለምግብነት የሚያበቃው በእሳት ላይ የሚቆይበት ሰዓት ሳይሆን እሳት ከመንካቱ በፊት በቢላና በውሃ የሚደረግለት ዝግጅት ነው። ሳይቆራረጥ በትንሽ ውሃ የተቀቀለ መራራ ካሳቫ ሁለት ሰዓት ቢንተከተክ እንኳ በውስጡ ካለው ጎጂ ነገር ብዙው ባለበት ይቀራል። በሚገባ የተላጠ፣ በትንንሹ የተቆረጠና በውሃ ያደረ ጣፋጭ ካሳቫ ግን ከግማሽ ሰዓት እስከ 40 ደቂቃ ተቀቅሎ ለማዕድ ይደርሳል። ይህ ለምን እንደሚሆን ካልተብራራ ቀጥሎ የምሰጠው መመሪያ ትርጉም ስለማይኖረው በቅድሚያ ስለ ሥሩ ጥቂት ማለት ይገባል።

በካሳቫ ሥር ውስጥ መርዙ፣ ማለትም ሳያናይድ፣ ለብቻው ተቀምጦ አይገኝም። የሚገኘው ሊናማሪን የተባለ፣ ሳያናይድን ከስኳር ጋር አስሮ የያዘ ውህድ ነው። ሊናማሪን በውሃ ይሟሟል፤ በሙቀት ግን በቀላሉ አይፈርስም። የሚፈታው ኢንዛይም እዚያው ሥሩ ውስጥ አለ፤ ሆኖም ሊናማሪኑ በሕዋሱ ውስጥ፣ ኢንዛይሙ ደግሞ በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ስለሚቀመጡ ሥሩ እስካልቆሰለ ድረስ ሁለቱ አይገናኙም። ሥሩ ሲቆረጥ፣ ሲፋቅ ወይም ሲወቀጥ ሕዋሳቱ ይሰበራሉ፤ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ሊናማሪኑም ደረጃ በደረጃ እየፈረሰ በመጨረሻ ሃይድሮጂን ሳያናይድ ይለቃል። ይህ ጋዝ በ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚተን በሚፈላ ውሃ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ በንኖ ይጠፋል። አስቸጋሪው እንግዲህ የተፈታው ሳያናይድ ሳይሆን ያልተፈታው ነው። ኢንዛይሙ ሙቀቱ ወደ 75 ዲግሪ ሲጠጋ ሥራውን ያቆማል፤ ስለዚህ ትልልቅ ቁራጭ በድንገት የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ ፈቺው ይሞታል፣ እስረኛው ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያለው ብቸኛ መውጫ ሊናማሪኑ ራሱ ወደ ውሃው እንዲሟሟ ማድረግ ነው፤ ይህም በቁራጩ ማነስና በውሃው ብዛት ይወሰናል። ሳይፈታ የተበላው ሊናማሪን በአንጀት ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሊፈታ ስለሚችል «ታስሮ ነው ያለው» ብሎ መጽናናት አይቻልም።

አሁን ወደ ሠሩት ሥራ እንመለስ። ውሃውን ያነጣው መርዝ ሳይሆን ስታርች ነው። ሊናማሪን ቀለም የለውም፤ ውሃው ጥርት ብሎም ብዙ ሊናማሪን ሊኖርበት፣ ወተት መስሎም እምብዛም ላይኖርበት ይችላል። ያልተቆረጠ ሥር ሁለት ሰዓት ቢዘፈዘፍ የሚታጠበው የላዩ ብቻ ነው፤ የመሐሉ ሕዋስ አልተሰበረም፣ ውሃም አልደረሰውም። ሁለት ሰዓት መዘፍዘፍ አፈርን ለማጠብና ሥሩ አየር ነክቶት እንዳይጠቁር ለመከላከል ይጠቅማል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አይጠበቅበትም።

ከዚህ የከበደው ስሕተት የአላላጡ ነው፤ አደራዬን የማጠብቀውም እዚህ ላይ ነው። የካሳቫ ልጣጭ ሁለት ንብርብር አለው። የላይኛው እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ቡናማና ሻካራ ቅርፊት ነው። ከሥሩ ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊሜትር የሚወፍር፣ ነጭ ወይም ቀላ ያለ፣ እርጥብና ጠንካራ ሁለተኛ ልጣጭ አለ። ከሚበላው ነጭ ሥጋ ይልቅ ሊናማሪን በብዛት የሚከማቸው በዚህ በሁለተኛው ልጣጭ ውስጥ ነው። በድንች አላላጥ ቡናማው ብቻ ሲፋቅ ይህ ንብርብር ሥጋ መስሎ ስለሚቀር የተላጠ የመሰለው ካሳቫ ከነዋናው የመርዝ ማከማቻው ወደ ድስት ይገባል። ከነልጣጩ ቀቅሎ በኋላ መላጥም ለድንች እንጂ ለካሳቫ አይሆንም።

ትክክለኛው አላላጥ ከመፋቅ ይልቅ ቀላል ነው። ሥሩን ታጥበው ሁለቱን ጫፎች ቆርጠው ይጣሉ፤ ከዚያም ከጣት የማይረዝም ርዝመት ባላቸው ጉማጆች ይክፈሉት። በእያንዳንዱ ጉማጅ ላይ ከላይ እስከ ታች፣ ሁለቱን ልጣጮች አልፎ ነጩን ሥጋ እስኪነካ ድረስ በቢላ አንድ መስመር ይሰንጥቁ። የቢላውን ጫፍ ከስንጥቁ ሥር አስገብተው ሲፈነቅሉ ሁለቱም ልጣጮች አንድ ላይ እንደ ጥቅል ተገልጠው ይወጣሉ። ጤነኛና ትኩስ ሥር በዚህ መንገድ ሳይታገል ይላጣል። ልጣጩ ከሥጋው ጋር ተጣብቆ እየተቆራረጠ የሚወጣ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሥሩ የቆየ ወይም መድረቅ የጀመረ ነው፤ እንደዚህ ያለውን ወፈር አድርገው በቢላ ይቁረጡት፤ ለብክነቱ አይሳሱ። ተልጦ ሲያበቃ ላዩ ወጥ ነጭ ወይም ክሬም መልክ ሊኖረው ይገባል፤ የቀላ ጥላ ወይም የተለየ ጠርዝ የሚታይበት ቦታ ካለ ልጣጩ አልወጣም ማለት ነው።

ጨው ለጣዕም ካልሆነ በቀር በሊናማሪን ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም። ሎሚው ደግሞ በመዘፍዘፊያው ውሃ ላይ ከተጨመረ ነገሩን ሊያባብስ ይችላል፤ ምክንያቱም ሊናማሪን ከተፈታ በኋላ የሚፈጠረው መካከለኛ ውህድ በኮምጣጣ ውሃ ውስጥ ሳይፈርስ ስለሚቆይ ጋዙ እንደልቡ አይወጣም። ሎሚ ምሬትን ከምላስ ሊሸፍን ይችላል፤ ይህ ግን ጥቅም አይደለም። ምሬት ከጎጂ ሥር የሚጠብቅዎት ብቸኛው የቤት ውስጥ ማስጠንቀቂያ ስለሆነ መሸፈን የለበትም። ሎሚና ጨው ካስፈለገ ካሳቫው ከበሰለና ውሃው ከተደፋ በኋላ በሳሕን ላይ ይጨመር።

ስለ መራራው ሥር ሳልሸፋፍን ልናገር። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ «ጣፋጭ» ብሎ የሚመድበው በአንድ ኪሎ ትኩስ ሥር ውስጥ ያለው ሳያናይድ ከ50 ሚሊግራም በታች የሆነውን ካሳቫ ነው። መራራ የሚባሉት ዝርያዎች ከዚያ በብዙ እጥፍ ሊበልጡ ይችላሉ። ምሬት ግን ሚዛን አይደለም፤ ብዙ ሊናማሪን እያለበት እምብዛም የማይመር ሥር ይኖራል። በተጨማሪም በአንድ ማሳ የበቀለ፣ ባለፈው ዓመት ጣፋጭ የነበረ ካሳቫ ዝናብ ባነሰበት ዓመት የሊናማሪኑ መጠን ሊጨምር ይችላል። ከአንድ ተክል የተነቀሉ ሥሮች እንኳ እርስ በርሳቸው ይለያያሉ፤ ከአንድ ከረጢት አንዱ ጣፍጦ አንዱ መምረሩ ከዚህ የመጣ እንጂ የአቀቃቀል ጉድለት ብቻ አይደለም።

ጉዳዩ ልጅን የሚመለከት ስለሆነ ስሌቱን አብረን እንሥራው። የስድስት ዓመት ልጅ ክብደት 20 ኪሎ ግድም ነው እንበል። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ ባለሙያዎች ኮሚቴ በአንድ ቀን ቢወሰድ ጉዳት አያመጣም ያለው የሳያናይድ ጣሪያ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.09 ሚሊግራም ነው፤ ለዚህ ልጅ 1.8 ሚሊግራም ይመጣል። አሁን በኪሎ 200 ሚሊግራም ያለበትን መራራ ሥር እንውሰድ። ልጁ 200 ግራም ቢበላ በጥሬው 40 ሚሊግራም ነው፤ በትልልቁ ተቆርጦ በመቀቀሉ ግማሹ ወጣ ብንል እንኳ 20 ሚሊግራም ይቀራል። ይህ ከጣሪያው ከ10 እጥፍ በላይ ነው፤ ለሕይወት አስጊ ተብሎ ከሚጠቀሰው መጠን ውስጥም ይገባል፤ የዚያ መነሻ በኪሎ ክብደት 0.5 ሚሊግራም፣ ለዚህ ልጅ 10 ሚሊግራም ነውና። በኪሎ 40 ሚሊግራም ያለበት ጣፋጭ ሥር ደግሞ በዚያው 200 ግራም ውስጥ 8 ሚሊግራም ይይዛል። በደንብ ተቆርጦ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ሲዘፈዘፍ ወደ 4፣ ከዚያም በብዙ ውሃ ሲቀቀል ወደ 1 ወይም 2 ሚሊግራም ሊወርድ ይችላል። እነዚህ ግምታዊ ቁጥሮች ናቸው፤ ቤትዎ ያለው ሥር ስንት እንደያዘ በዓይን አይታወቅም። ሁለት ነገር ግን በግልጽ ያሳያሉ፦ ጣፋጩ ካሳቫ በጥንቃቄ ሲዘጋጅ ለልጅ በመጠኑ ሊሰጥ ይችላል፤ መራራው ግን ተቀቅሎ ለልጅ የሚሰጥበት መንገድ የለም።

አልበስልም ያለው ሥር ሌላ ታሪክ ነው። ካሳቫ ከተነቀለ በኋላ እንደ ድንች አይቆይም። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነጩ ሥጋ ውስጥ ሰማያዊና ጥቁር መስመሮች ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ሥሩ እየደረቀ ጣዕሙም እየተበላሸ ይሄዳል። አራት ቀን በከረጢት መቆየቱ ለዚህ በቂ ምክንያት ነው። በመሬት ውስጥ ከልክ በላይ የቆየ ሥርም ወደ እንጨትነት ያዘነብላል፤ መሐሉ ላይ ያለው ገመድ መሰል ቃጫ ይወፍራል፤ የቱንም ያህል ቢቀቀል አይለሰልስም። ስለዚህ ሲገዙ ሻጩ አንዱን ሥር ከመሐሉ እንዲሰብርልዎ ይጠይቁ። ጥሩው «ቀጭ» ብሎ ይሰበራል፤ ውስጡ ነጭና እርጥብ ነው፤ መስመር የለውም። እየተጠማዘዘ የሚቀር፣ ውስጡ የተሰነጣጠቀ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ወይም የኮመጠጠ ሽታ የሚሸት ከሆነ ይተዉት። ሥሩ ከገጠር የሚላክልዎ ከሆነ በተነቀለ ማግስት እንዲደርስዎ፣ እርስዎም በዚያው ቀን እንዲልጡት ያድርጉ፤ ተልጦ ውሃ ውስጥ የገባ ካሳቫ መጥቆሩ ይገታል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ሦስት ኪሎ ትኩስ ካሳቫ ቢደርስዎ እንደሚከተለው ያድርጉ። ከሰዓት በኋላ ከላይ በተነገረው መንገድ ሁለቱንም ልጣጭ ያንሱ፤ ጫፎቹና የጠቆረው ሲጣሉ ሁለት ኪሎ ከሩብ ግድም ይቀርልዎታል። እያንዳንዱን ጉማጅ በቁመቱ ለአራት ሰንጥቀው የመሐሉን ቃጫ ያውጡ፤ ከዚያም ከሁለት ሴንቲሜትር በማይበልጥ ውፍረት ይቁረጡት። ይህ መቁረጥ ለአፍ እንዲመች ብቻ ሳይሆን ኢንዛይሙን ከሊናማሪኑ ለማገናኘት ስለሆነ ስንፍና አይፈቀድበትም። የተቆረጠውን በሰፊ ሳፋ ውስጥ አድርገው ውሃው ከላዩ አንድ ስንዝር ከፍ እስኪል ድረስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይሙሉበትና ያሳድሩት። ጠዋት ውሃውን ደፍተው፣ አጥበው፣ በአዲስ ውሃ ይተኩ። ከ18 እስከ 24 ሰዓት ከቆየ በኋላ፣ ማለትም በማግሥቱ ለምሳ ወይም ለመክሰስ ሰዓት፣ ለመቀቀል ደርሷል። ቀላል የመኮምጠጥ ሽታ ቢኖረው አያስደንግጥ፤ የሚያጣብቅ ዝልግልግ ነገር ወይም የበሰበሰ ሽታ ካለው ግን ይጣል።

ለመቀቀል ለአንድ ኪሎ ካሳቫ አምስት ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልጋል። ይህ የተጋነነ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሊናማሪኑ የሚሄድበት ቦታ ውሃው ስለሆነ በሩዝ አቀቃቀል ውሃው እስኪመጠጥ ድረስ መቀቀል የወጣውን መልሶ ማስገባት ነው። ድስትዎ ትንሽ ከሆነ ለሁለት ከፍለው ይቀቅሉ። ካሳቫውን በቀዝቃዛ ውሃ ይጣዱትና በመካከለኛ እሳት ቀስ ብለው ያሙቁት። ውሃው ለብ እያለ በሚሄድበት ጊዜ ኢንዛይሙ በጉልበት ይሠራልና ይህ የመጨረሻ ዕድሉ ነው። ፕሬዠር የሚባለው ድስት ለካሳቫ የማይመከረውም ሙቀቱን በአንድ ጊዜ ከፍ አድርጎ ይህን ዕድል ስለሚያሳጥርና በጥቂት ውሃ ስለሚሠራ ነው። ድስቱን ሳይከድኑ፣ የወጥ ቤቱን መስኮት ወይም በር ከፍተው ይቀቅሉ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በቆላ አገር በ25 ደቂቃ የሚለሰልስ ቁራጭ እዚህ ግማሽ ሰዓት ወይም 40 ደቂቃ ሊፈልግ ይችላል። ሹካ ያለ ትግል ሲገባበትና ጠርዙ ሲፈረካከስ በስሏል። ውሃውን ሙሉ በሙሉ ደፍተው ካሳቫውን በማጥለያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያስተንፍሱት። መረቁ ለሾርባ፣ ለገንፎ ወይም ለከብት አይሆንም።

ከማቅረብዎ በፊት አዋቂ ሰው ከተለያዩ ሥሮች የመጡ ጥቂት ቁራጮችን በምላሱ ጫፍ ይቅመስ። መረር ያለ ካለ ያንን ቁራጭ ለይቶ ማውጣት አይበቃም፤ በአንድ ውሃ ስለተቀቀሉ ድስቱን በሙሉ ይተዉት። ይህ ብክነት እንደሚመስል አውቃለሁ። ለመቀነስ ከፈለጉ የእያንዳንዱን ትልቅ ሥር ቁራጭ ለየብቻ ይዘፍዝፉ፣ ለየብቻም ይቀቅሉ። ጥሬውን መቅመስ ግን አልመክርም፤ ሕፃናትም ሲላጥ ጥሬውን እንደ ሸንኮራ እንዳያኝኩ ይከልክሉ። የተጠበሰ ካሳቫ የሚወዱ ካሉ በመጀመሪያ በዚሁ መንገድ ተቀቅሎ፣ ተጠንፍፎ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ዘይት ውስጥ ይግባ። ጥሬውን በቀጥታ መጥበስ በእሳት ብቻ እንደ መታመን ነው፤ ዘይት ሊናማሪኑን አያሟሟውም።

በደቡቡ ክፍል መራራውን ካሳቫ የሚጠቀሙ ቤተሰቦች መኖራቸው እሙን ነው። ለእሱ የሚሆነው መቀቀል ሳይሆን ረጅም ማብላላት ነው። ተልጦ የተቆረጠው ሥር በውሃ ተሞልቶ በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ድረስ፣ በሞቃት ቦታ ከሦስት እስከ አራት ቀን፣ ሐዋሳን በመሰለ ሌሊቱ ቀዝቃዛ በሆነ ከተማ ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል። ከዚያ ውሃው ተደፍቶ፣ ቃጫው ተለቅሞ፣ በጨርቅ ተጨምቆ፣ በፀሐይ ደርቆ ይፈጫል። ልምድ ለሌለው የከተማ ወጥ ቤት፣ በተለይም ልጅ ባለበት ቤት፣ ይህን አልመክርም፤ መራራ መሆኑ የታወቀ ሥር ይጣል።

በገበያ ለሚገዛው የካሳቫ ዱቄት የተለየ ጥንቃቄ አለ። ሥሩ ተቆርጦ በፀሐይ ብቻ ሲደርቅ እርጥበቱ ቶሎ ስለሚጠፋ ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይጨርስ ይቆማል፤ ዱቄቱም ከኮዴክስ ጣሪያ፣ ከ10 ሚሊግራም በኪሎ፣ በላይ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ሃዋርድ ብራድበሪ ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው ይህ ዘዴ በሞዛምቢክና በኮንጎ መንደሮች ሥራ ላይ ውሏል። ዱቄቱን በሳሕን አድርገው የደረሰበትን ከፍታ ከውስጥ በኩል ምልክት ያድርጉ። ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ያሹት፤ ዱቄቱ በመጀመሪያ ዝቅ ይላል፤ ምልክቱ ላይ ተመልሶ ሲደርስ ውሃው በቅቷል። ያንን እርጥብ ዱቄት ከአንድ ሴንቲሜትር ባልበለጠ ውፍረት በትሪ ወይም በሰፌድ ላይ ዘርግተው በጥላ ከሆነ አምስት ሰዓት፣ በፀሐይ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሰዓት ይተዉት። ውሃው ኢንዛይሙን እንደገና ያሠራዋል፤ ጋዙም ይወጣል። ከዚያ በዚያው ቀን ለገንፎ ወይም ከጤፍና ከስንዴ ጋር ለቂጣ ያውሉት።

ለልጅዎ የምመክረው ይህ ነው፦ በዚህ መንገድ የተዘጋጀ፣ ያልመረረ ካሳቫ፣ ሁለት ሦስት ቁራጭ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ባዶ ሆድ ሳይሆን ከሌላ ምግብ ጋር። ካሳቫ ጉልበት እንጂ ፕሮቲን እምብዛም የለውም፤ ሰውነት ደግሞ ጥቂቷን ሳያናይድ ወደ ጉዳት የለሽነት የሚቀይረው ከፕሮቲን በሚያገኘው ሰልፈር ነው። ከአሞራ ገደል የመጣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አይብ ወይም ወተት አጠገቡ መኖሩ ለማጣፈጫ ብቻ አይደለም፤ ቦሎቄም ፕሮቲኑን ያግዛል። ለአዋቂ ደግሞ ዳጣ ሊጨመርበት ይችላል። ሳያናይዱ ሲለወጥ የሚፈጠረው ነገር አዮዲንን ስለሚሻማ፣ እንቅርት ባለበት ወይም የሚበላው ጨው አዮዲን በሌለው ቤት ካሳቫን የዕለት ምግብ ማድረግ አይገባም። በቂ ዝግጅት ያልተደረገለት መራራ ካሳቫ ለሳምንታት ብቸኛ ምግብ ሲሆን የሚያመጣው፣ ኮንዞ የሚባለው ድንገተኛና የማይድን የእግር ሽባነት በ1938 በያኔዋ የቤልጂየም ኮንጎ በጽሑፍ ተመዝግቧል፤ በ1981 በሰሜን ሞዛምቢክ ድርቅ ጊዜ ከ1,000 በላይ ሰዎች ተይዘውበታል (ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አልፎ አልፎ በተደባለቀ ማዕድ ላይ ካሳቫ የሚበላ ቤተሰብ ይህን በሽታ ሊፈራ አይገባውም።

የሚያስፈልገው የድንገተኛውን ምልክት ማወቅ ነው። ካሳቫ ከተበላ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ማዞር፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ያልተለመደ ድካም ከታየ፣ በተለይም ትንፋሽ ከፈጠነ ወይም ልጁ ከደነዘዘ፣ ወተት ወይም ሎሚ እያጠጡ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ «ካሳቫ በልቷል» ብለውም ለሐኪሙ ይንገሩ። የሳያናይድ መመረዝ የራሱ መድኃኒት ስላለው ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ጊዜ ይቆጥባል። ከአንድ ድስት የበሉ ሌሎች ሰዎች ካሉ ምልክት ባይታይባቸውም አብረው ይታዩ።

ልጣጩን በተመለከተ፣ ግቢ ውስጥ በግ ወይም ፍየል ካለ ትኩሱን አይስጡ፤ እንስሳትም ይመረዛሉ። መቅበር ይሻላል።